አንድ ሴሚስተር የዓለም ታሪክ በአንድ ሠንጠረዥ

የፈተና ቢጋር ጥያቄዎች ከመጻፋቸው በፊት የሚዘጋጅ ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ወገን የኮርሱ ምዕራፎች፣ በሌላው ወገን ተማሪው እንዲያሳይ የሚፈለገው የአስተሳሰብ ዓይነት ይሰፍራሉ። ሁለቱ በሚገናኙበት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ለዚያ የተመደበው ነጥብ ይጻፋል። መምህራን እርስ በርስ ሲነጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስሙ ቴብል ኦፍ ስፔሲፊኬሽን ይሉታል።

ያለ ቢጋር የሚወጣ የታሪክ ፈተና መልኩ የታወቀ ነው። ፈተናው ሊሰጥ ሁለት ቀን ሲቀረው መጽሐፉ ይከፈታል፤ ጥያቄውም ለመጠየቅ ከሚቀለው ይጀምራል። ለመጠየቅ የሚቀለው ደግሞ ዓመተ ምሕረት፣ የሰው ስምና የውል ስም ነው። መምህሩ የሚወደው ምዕራፍ ከድርሻው በላይ ይወስዳል፤ በጥድፊያ የተማሩት የመጨረሻው ምዕራፍ በሁለት ጥያቄ ይታለፋል። እንዲህ ባለ ፈተና ዘጠና ያመጣ ተማሪ ምን እንደሚያውቅ በትክክል መናገር አይቻልም።

የአስተሳሰብ ዓይነቶችን በደረጃ የመለየቱ ሥራ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ክፍሎች የመጣ ነው። በ1948 ቦስተን ውስጥ በተደረገ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የተገናኙ የኮሌጅ ፈታኞች ጥያቄ ለመለዋወጥ የሚያስችል የጋራ መለያ እንዲኖር ፈለጉ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቤንጃሚን ብሉም አዘጋጅነት በ1956 የታተመው መጽሐፍ ስድስት ደረጃዎችን ዘረዘረ፦ ዕውቀት፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ ማዋሐድ እና መገምገም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለአንድ ሴሚስተር ኮርስ ግን ስድስት ዓምድ ይበዛል፤ ሣጥኖቹ ከመብዛታቸው የተነሳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ነጥብ ያንሳል። ስለዚህ ሦስት ይበቃል፦ ማስታወስ፣ መተግበር እና መተንተን።

በታሪክ ትምህርት ሦስቱ እንዲህ ይለያሉ። ማስታወስ ክፍል ውስጥ የተባለውን ወይም መጽሐፉ ላይ ያለውን መልሶ ማቅረብ ነው፤ በራስ ቃል ማስረዳትም በተማሩት ነገር ላይ እስከሆነ ድረስ ከዚሁ ይቆጠራል። መተግበር የተማሩትን ጽንሰ ሐሳብ ወይም ደንብ ከዚያ በፊት ባልታየ ጉዳይ ላይ መሥራት ነው። መተንተን ደግሞ አንድን ክስተት ወይም ሰነድ በታትኖ ክፍሎቹ እንዴት እንደሚያያዙ ማሳየትና አንዱን ማስረጃ ከሌላው ጋር መመዘን ነው። በሦስቱ መካከል ያለው ድንበር ጥያቄው ላይ ብቻ አይገኝም፤ መምህሩ ክፍል ውስጥ ምን አስተምሯል በሚለውም ይወሰናል። ቢጋር አዘጋጆች በብዛት የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ኮርስ ወስዶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሥራት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ኮርሱ ከፈረንሳይ አብዮት ተነስቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ያበቃል እንበል፤ አምስት ምዕራፍ አለው፤ ለማስተማር 40 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። የፈረንሳይ አብዮትና ናፖሊዮን 8 ክፍለ ጊዜ፣ የኢንዱስትሪ አብዮት 6፣ ኢምፔሪያሊዝምና የአፍሪካ ቅርምት 10፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነትና የሩሲያ አብዮት 8፣ በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ያለው ዘመንና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት 8 ይወስዳሉ። የምዕራፎቹ ድርሻ ከዚሁ ይወጣል፤ 8 ክፍለ ጊዜ የ40 አንድ አምስተኛ ስለሆነ ከ100 ነጥብ 20 ይደርሰዋል። የሚቆጠረው በእውነት የተሰጠው ክፍለ ጊዜ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የታቀደው ብቻ ከተቆጠረ፣ በስብሰባና በበዓል ምክንያት ያልተሰጠ ትምህርት ፈተና ላይ ይመጣል።

የሦስቱ ዓምዶች ድርሻ ግን ከሒሳብ አይገኝም፤ ውሳኔ ነው። ለዚህ ኮርስ ማስታወስ 40፣ መተግበር 30፣ መተንተን 30 ነጥብ ይያዝ።

| ምዕራፍ | ማስታወስ | መተግበር | መተንተን | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| የፈረንሳይ አብዮት | 8 | 6 | 6 | 20 |
| የኢንዱስትሪ አብዮት | 5 | 6 | 4 | 15 |
| የአፍሪካ ቅርምት | 9 | 6 | 10 | 25 |
| አንደኛው ጦርነት | 8 | 6 | 6 | 20 |
| ከ1919 እስከ 1945 | 10 | 6 | 4 | 20 |
| ድምር | 40 | 30 | 30 | 100 |

ሣጥኖቹ በቀጥታ ተባዝተው ቢሆን ኖሮ የአፍሪካ ቅርምት ምዕራፍ ለማስታወስ 10፣ ለቀሩት ሁለቱ 7.5 ይደርሰው ነበር። ሠንጠረዡ ግን ለመተንተን 10 ሰጥቶታል፤ ምክንያቱም በዚህ ምዕራፍ ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚችሉ አጫጭር ሰነዶች ሞልተዋል። የመጨረሻው ምዕራፍ በተቃራኒው ለመተንተን 4 ብቻ አግኝቷል። ፈተና ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የተማሩትን ነገር ተማሪዎች ገና አላብላሉትምና ብዙ መጠየቅ ልክ አይሆንም። ሒሳቡ መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምዕራፉን የሚያውቅ ሰው ነጥቦቹን ወዲያና ወዲህ ያዟዙራል፤ የቀኝና የታች ድምሮች እስካልተዛቡ ድረስ።

ሠንጠረዡ የሴሚስተሩ በሙሉ እንጂ የማጠቃለያ ፈተናው ብቻ አይደለም። መቶው ነጥብ በሦስት ፈተና ይከፈል፦ በአምስተኛው ሳምንት ከ20 የሚታረም ፈተና፣ በአሥረኛው ሳምንት ከ30 የሚታረም የአጋማሽ ፈተና፣ በመጨረሻ ከ50 የሚታረም ማጠቃለያ። የመጀመሪያው 12 ለማስታወስ፣ 6 ለመተግበር፣ 2 ለመተንተን ይወስዳል። አጋማሹ ለሦስቱም አሥር አሥር ያካፍላል። ማጠቃለያው 18፣ 14 እና 18 ይሆናል። ወደ ታች ሲደመር 40፣ 30፣ 30 ይመጣል። መተንተን መጀመሪያ ላይ ያነሰው ለተማሪው በማዘን አይደለም። ሰነድ መመዘን ልምምድ የሚጠይቅ ነገር ስለሆነ በአምስተኛው ሳምንት ብዙ ነጥብ ማሸከም ያልተማሩትን መፈተን ይሆናል፤ ሁለቷ ነጥብ የጥያቄውን ዓይነት ለማስተዋወቅ የምትበቃ ናት።

በማጠቃለያው ውስጥ አንድ ሥውር ውሳኔ አለ። ከ50ው ነጥብ 40ው የመጨረሻዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው፤ ቀደም ብለው ለተፈተኑት ሦስቱ 10 ይቀራል። ይህ 10 ሁለት ለመተግበር፣ ስምንት ለመተንተን ተሰጥቷል፤ ለማስታወስ አንድም የለም። በአምስተኛው ሳምንት የተጠየቀን ስምና ቀን በአሥራ ስድስተኛው ሳምንት መልሶ መጠየቅ ስለ ተማሪው የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። የቆየው ምዕራፍ በማጠቃለያ ላይ ሲመለስ ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ ቢመጣ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ሣጥኖቹን በጥያቄ መሙላት ይቀራል። የማስታወስ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ነጥብ በከንቱ የሚባክነው እዚህ ነው። ናፖሊዮን የሞተበትን ደሴት መጠየቅ ይቻላል፤ ቅድስት ሄሌና ብሎ የመለሰው ተማሪ ግን በዚያ ዕውቀት ምንም አይሠራበትም። በነሐሴ 1789 የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት የሻረው ምን ነበር የሚለው ጥያቄ ግን የመሳፍንቱን ልዩ መብት ስለሚያነሳ ከዚያ ወዲህ ያለውን የአብዮቱን ሂደት ለመረዳት ይጠቅማል። መለኪያው አጭር ነው፦ የዚህን ጥያቄ መልስ የማያውቅ ተማሪ በዚያው ምዕራፍ ያለውን የትንተና ጥያቄ መመለስ ይችላል ወይ? በቀላሉ የሚችል ከሆነ ጥያቄው ሌላ ቢተካ ይመረጣል። ነጠላ ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ አራት ክስተቶችን በቅደም ተከተል ማስደርደር ለታሪክ የበለጠ ይስማማል።

በታሪክ ፈተና ውስጥ በጣም የሚቸገሩበት ዓምድ መተግበር ነው። በሒሳብ አዲስ ቁጥር መስጠት ይበቃል፤ በታሪክ ግን አዲስ ጉዳይ ተፈልጎ መገኘት አለበት። ለዚህ ጥሩ መነሻ የሚሆነው የበርሊን ጉባኤ ነው። በፌብሩዋሪ 26 ቀን 1885 የተፈረመው አጠቃላይ ውል በአፍሪካ ጠረፍ አዲስ ይዞታ ለሚይዝ መንግሥት ሁለት ግዴታ አስቀምጧል፦ ይዞታውን ለሌሎቹ ፈራሚዎች ማሳወቅ፣ እና በቦታው ሥርዓት ማስከበር የሚችል ሥልጣን ማቆም። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች ጻፉ ማለት ማስታወስ ነው። የመተግበር ጥያቄው ይህን ይመስላል፦ «አንድ የአውሮፓ መንግሥት በ1887 በአፍሪካ ጠረፍ ካለ የአካባቢ ገዥ ጋር ውል ተፈራርሞ ለሌሎቹ መንግሥታት አሳወቀ፤ ነገር ግን ሹምም ወታደርም አላሰፈረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መንግሥት ወደቡን ያዘ፤ ሹም ሾመ፤ ለማንም ግን አላሳወቀም። በ1885ቱ ውል መሠረት እያንዳንዱ የጎደለው ምንድን ነው?» ጉዳዩ ምናባዊ ስለሆነ ማንም አላጠናውም፤ ደንቡን የተረዳ ሰው ግን በአራት ደቂቃ ይመልሰዋል።

እውነተኛ ጉዳይም ይሠራል። የእንግሊዝን የኢንዱስትሪ አብዮት የተማሩ ልጆች የድንጋይ ከሰል፣ ካፒታል፣ የሰው ጉልበትና ገበያ ያላቸውን ሚና ያውቃሉ። ከ1868 በኋላ ስለነበረችው ጃፓን በስድስት መስመር ተጽፎ ይሰጣቸው፤ በቶሚዮካ በ1872 ሥራ የጀመረው የሐር ፋብሪካ በመንግሥት የተሠራ መሆኑም ይካተት። ከአራቱ የትኛው በሌላ መንገድ እንደተሟላ ሲጠየቁ፣ በእንግሊዝ የግል ባለሀብት ያቀረበውን ካፒታል በጃፓን መንግሥት እንዳቀረበው ማየት አለባቸው። ጃፓን ክፍል ውስጥ ከተነሳች ግን ያው ጥያቄ ወደ ማስታወስ ይወርዳል።

ይህ መውረድ በመተንተን ዓምድ ላይ በይበልጥ ይታያል። «ለአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ የሆኑትን ምክንያቶች ተንትኑ» የሚል ጥያቄ በብዙ ፈተና ላይ አለ። መምህሩ ሚሊታሪዝም፣ የጦር ቃል ኪዳኖች፣ ኢምፔሪያሊዝምና ብሔርተኝነት ብሎ አራቱን በደብተር ካስጻፈ፣ «ተንትኑ» የሚለው ግስ ጥያቄውን ከማስታወስ አያወጣውም። ጎበዙ ተማሪ ደብተሩን ይገለብጣል፤ አራሚውም ያንኑ ሲያገኝ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል።

ጥያቄው በእውነት ወደ ትንተና እንዲገባ የጁላይ 1914ን ቀውስ ደረጃ በደረጃ ማቅረብ ይቻላል። ጁን 28 አልጋ ወራሹ ፍራንዝ ፈርዲናንድ በሳራዬቮ ተገደለ፤ ጁላይ 5 ጀርመን ለአውስትሮ-ሃንጋሪ ያልተገደበ ድጋፍ እንደምትሰጥ ቃል ገባች፤ ጁላይ 23 ለሰርቢያ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተላከ፤ ጁላይ 28 ጦርነት ታወጀባት፤ ጁላይ 30 ሩሲያ አጠቃላይ ክተት አዘዘች፤ ኦገስት 1 ጀርመን በሩሲያ ላይ ጦርነት አወጀች። እነዚህ ቀኖች ጥያቄው ላይ ተጽፈው ይሰጣሉ፤ ማስታወስ በሌላ ሣጥን ተለክቷልና እዚህ መሰናክል መሆን የለበትም። ከዚያ ተማሪው ከዚህ ወዲያ መመለስ እጅግ ከባድ ሆነ የሚለውን አንድ እርምጃ መርጦ እንዲሟገት፣ ሌላ እርምጃ የመረጠ ሰው የሚያቀርበውን ጠንካራ ክርክርም አንስቶ እንዲመልስ ይጠየቃል። የጁላይ 5ቱን ቃል የመረጠም የጁላይ 30ውን ክተት የመረጠም ሙሉ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ስምንት ነጥብ የያዘው የቆየው ምዕራፍ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ጣሊያን በ1889 ለአውሮፓ መንግሥታት ኢትዮጵያን በሚመለከት ማስታወቂያ ስትልክ የተንተራሰችው ይኸው የበርሊን ውል ነበር፤ መነሻዋም የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው። ሰነዱ ለትንተና የተመቸ ይመስላል። ይሁንና የአንቀጽ 17 የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂ ልዩነት ከልጅነቱ ሲነገረው ላደገ ተማሪ ያንን መጠየቅ ንጹሕ ማስታወስ ነው፤ ለጃፓን ወይም ለብራዚል ተማሪ ግን ትንተና ይሆናል። ስለዚህ በዚህ አገር የጣሊያንን ማስታወቂያ አፄ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ መንግሥታት ከላኩት ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን ማቅረብ ይሻላል። ደብዳቤው የኢትዮጵያን ወሰን ሲዘረዝር እስከ ካርቱም ድረስ ይሄዳል፤ ካርቱም ደግሞ ያኔ በማህዲስቶች እጅ ነበረች። በወቅቱ በእጃቸው ያልነበረ ቦታ ለምን ተጠቀሰ? ደብዳቤውስ ለማን ተጻፈ? ሁለቱ ሰነዶች የበርሊንን ደንብ የሚጠቀሙበት መንገድ በምን ይመሳሰላል? እነዚህን የሚመልስ ዝግጁ አንቀጽ በደብተር ውስጥ አይገኝም።

የነጥብ ድልድሉ በሰዓት ካልተፈተሸ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ማጠቃለያው ሁለት ሰዓት አለው እንበል። አሥራ ስምንቱ የማስታወስ ጥያቄዎች አንድ አንድ ደቂቃ ቢወስዱ 18 ደቂቃ ነው። ለመተግበር የተያዘው 14 ነጥብ ሁለት ሁለት ነጥብ ባላቸው ሰባት ጥያቄዎች ቢከፈልና እያንዳንዱ አራት ደቂቃ ቢፈልግ 28 ይሆናል። የሰነዱ ጥያቄ 20፣ የጁላይ ቀውሱ 18፣ የመንግሥታት ማኅበር በ1931 ለማንቹሪያና በ1935 ለኢትዮጵያ የሰጠውን ምላሽ የሚያነጻጽረው ባለ አራት ነጥብ ጥያቄ 12 ደቂቃ ይወስዳሉ። ድምሩ 96 ደቂቃ ነው፤ የቀረው ወረቀት ለማደልና መልስ ለመከለስ ይበቃል። ድምሩ ከ120 የሚያልፍ ከሆነ የሚጎዳው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ያለው የትንተና ጥያቄ ነው፤ ያኔ ፈተናው በተግባር ወደ ማስታወስ ፈተና ይለወጣል።

ትንተና የያዘ ፈተና ማረሚያ ያስፈልገዋል፤ ማረሚያውም ከጥያቄው ጋር አብሮ ይጻፋል። ለባለ ስድስት ነጥቡ የጁላይ ጥያቄ አንድ ነጥብ አቋምን በግልጽ ለማስቀመጥ፣ ሦስት ከተሰጡት ክስተቶች ማስረጃ አቅርቦ ለማያያዝ፣ ሁለት ተቃራኒውን ክርክር አንስቶ ለመመለስ ሊመደብ ይችላል። ሁለት መምህራን አሥር ወረቀቶችን ለየብቻ አርመው ቢያወዳድሩና በብዙዎቹ ላይ ከአንድ ነጥብ በላይ ቢለያዩ ችግሩ ማረሚያው ላይ ነው፤ ቀሪዎቹ ከመታረማቸው በፊት ይስተካከላል።

ቢጋሩ ጥያቄው በትክክለኛው ሣጥን ውስጥ መቀመጡን አያረጋግጥም፤ ያ የሚታወቀው ከፈተናው በኋላ ነው። አንዱ ምልክት ከወረቀቶቹ ራሱ ይነበባል፦ የትንተና ጥያቄው መልስ በሃያ ወረቀት ላይ በተመሳሳይ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈ ከደብተር የመጣ ነው። ሌላውን መቁጠር ያስፈልጋል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉት 16 እና ከታች ያሉት 16 ይለያሉ። አንድን የመተግበር ጥያቄ ከላይኞቹ 13፣ ከታችኞቹ 5 ከመለሱት ጥያቄው ሥራውን እየሠራ ነው። ከላይኞቹ 6፣ ከታችኞቹ 7 ከመለሱት ግን የሚያውቀውን ካላወቀው አልለየም፤ ወይ አሻሚ ነው፣ ወይ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይም ደንቡ ራሱ በደንብ አልተማረም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ታሪክ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ በኢትዮጵያ አንድ ተጨማሪ ጥርጣሬ መኖር አለበት። ረጅም ሰነድ የያዘ ጥያቄ ሳይታሰብ የቋንቋ ፈተና ይሆናል። ይህን ለመለየት የሰነዱን ከባድ ቃላት በግርጌ ፈትቶ፣ ጽሑፉንም ወደ ሰማንያ ቃል አሳጥሮ በሚቀጥለው ፈተና መሞከር ይቻላል፤ ውጤቱ በአንድ ጊዜ ከፍ ካለ ቀድሞ ሲለካ የነበረው ማንበብ ነበር።

ሣጥኖቹ ስለ አንድ ተማሪ የሚናገሩት ነገርም ውስን ነው። ከ1919 እስከ 1945 ባለው ምዕራፍ የትንተና አራት ነጥብ ላይ አንድ ያመጣ ልጅ በዚያ ዘመን ላይ ማሰብ አይችልም ማለት አይቻልም፤ በአንድ ጥያቄ አንድ ችሎታ አይፈረድም። የዓምዱ ድምር ግን፣ ሠላሳው የትንተና ነጥብ በሦስቱም ፈተናዎች ተደምሮ፣ ለመናገር ይበቃል። በማስታወስ 36 ከ40፣ በመተንተን 8 ከ30 ያመጣ ተማሪ ማጥናቱ ግልጽ ነው፤ የጎደለው ሰነድ ላይ መሥራት ነው። አብዛኛው ክፍል እንዲህ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር ከ40ው ክፍለ ጊዜ የተወሰነው ለሰነድ ንባብ ይያዛል፤ የቢጋሩም የምዕራፍ ድርሻ ከዚያው እንደገና ይሰላል።